የሦስት ሰዓት የታሪክ ፈተና፦ ደቂቃውን ለምንጭ፣ ለአጭር መልስና ለኤሴይ እንዴት እናካፍለው?

ደብረ ብርሃን ውስጥ ታሪክ አስተምራለሁ። ወረቀት ሳርም ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ የመጨረሻው ገጽ ነው። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ሞልተው፣ በቆንጆ እጅ ተጽፈው፣ የመጨረሻው ኤሴይ ላይ ሦስት መስመር ብቻ አገኛለሁ። ከዚያ ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ ይቋረጣል።

ባለፈው ዓመት አንዲት ጎበዝ ተማሪዬ በሞዴል ፈተና ላይ እንዲሁ ሆነባት። ፈተናው ከ100 የሚታረም ነበር። ሦስት ክፍል አለው። የታሪክ ምንጮችን አንብቦ መመለስ 30 ነጥብ፣ አምስት አጭር መልስ 20 ነጥብ፣ ሁለት ኤሴይ ደግሞ እያንዳንዱ 25 ነጥብ። ምንጮቹ ላይ 95 ደቂቃ ቆየች። አጭር መልሱ ላይ ግማሽ ሰዓት ሄደ። የመጀመሪያውን ኤሴይ በ44 ደቂቃ ጻፈች። ለሁለተኛው 11 ደቂቃ ቀረላት። ውጤቷ በምንጭ 27፣ በአጭር መልስ 13፣ በመጀመሪያው ኤሴይ 19፣ በሁለተኛው 4 ሆነ። ድምሩ 63።

«ቲቸር፣ እኮ ሁለተኛውን ከሁሉም የበለጠ አውቀው ነበር» አለችኝ እንባዋ እየመጣ።

እውነቷን ነው፤ ታውቀው ነበር። እውቀቷ ላይ ምንም ችግር አልነበረም። ስለዚህ አብረን ቁጭ ብለን ሰዓቷን እንደ ቤት ወጪ አሰላነው። እዚህ የማቀርበው ያንኑ ስሌት ነው። የእናንተ ፈተና የነጥብ ክፍፍሉ ቢለይም አሠራሩ ያው ነው።

1. ቁጥሩን ከፈተናው ቀን በፊት አስሉ

ሦስት ሰዓት ማለት 180 ደቂቃ ነው። ከዚህ ላይ መጀመሪያ 20 ደቂቃ ቀንሱ። አሥሩ ጥያቄ ለማንበብና ለመምረጥ ነው፤ አሥሩ መጨረሻ ላይ ለማየት። የቀረው 160 ደቂቃ ለ100 ነጥብ ሲካፈል ለአንድ ነጥብ 1.6 ደቂቃ ይደርሳል። በዚህ ሂሳብ ምንጭ 48፣ አጭር መልስ 32፣ ሁለቱ ኤሴዮች 80 ደቂቃ ያገኛሉ።

ይህን እንዳለ አትውሰዱት። አጭር መልስ የሚነበብ ነገር የለውም፤ እቅድም አይፈልግም። ያወቅነውን ወዲያው እንጽፋለን፣ ያላወቅነውን ብናፈጥበትም አይመጣም። ስለዚህ ከሱ 8 ደቂቃ ወስዳችሁ አራቱን ለምንጭ ንባብ፣ አራቱን ለኤሴይ እቅድ ስጡ። አሁን ምንጭ 52፣ አጭር መልስ 24፣ እያንዳንዱ ኤሴይ 42 ደቂቃ ሆነ።

ቀጥሎ ደቂቃውን ወደ ሰዓት መልሱት። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ፈተና ውስጥ ሆኖ «52 ደቂቃ አልፎ ይሆን?» ብሎ ማስላት ራሱ ጊዜ ይበላል። ፈተናው ከጠዋቱ 3፡00 ከጀመረ እንዲህ ይሆናል፦

3፡10 ምንጭ መጀመሪያ
4፡02 ምንጭ ማቆሚያ
4፡26 አጭር መልስ ማቆሚያ
5፡08 የመጀመሪያው ኤሴይ ማቆሚያ
5፡50 የሁለተኛው ኤሴይ ማቆሚያ
6፡00 ማስረከቢያ

እነዚህን ሰዓቶች በቃል ያዟቸው። ወረቀት ይዞ መግባት ስለማይቻል፣ ፈተናው ሲጀመር ጥያቄ ወረቀቱ ጥግ ላይ ቶሎ ጻፏቸው። ፈተናው 10 ደቂቃ ዘግይቶ ከጀመረ ሁሉንም በ10 ግፏቸው። እንዲህ ያለው መዘግየት የተለመደ ነው፤ አያስደንግጣችሁ።

ስልክ ይዞ መግባት አይቻልም። ዘመናዊው ስክሪን ያለው የእጅ ሰዓትም አብሮ ይከለከላል። ሁሉም ክፍል ደግሞ የግድግዳ ሰዓት የለውም። ተራ ባለ ጠቋሚ የእጅ ሰዓት ከቤተሰብ ተዋሱ። እሱም ካልተገኘ ፈታኙን ገና ከመጀመሪያው «እባክዎ በየግማሽ ሰዓቱ ሰሌዳው ላይ ቢጽፉልን» ብላችሁ ጠይቁ።

2. የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች

ወረቀቱ እንደተሰጠ መጻፍ አትጀምሩ። በጠዋት ብርድ ጣታችሁ ደርቆ ስለሚሆን ደብረ ብርሃን ላይ መጀመሪያ የሚጻፈው እጅ ጽሑፍ ለማንም አይነበብም። እጃችሁን እያሻሻችሁ አንብቡ።

ንባቡን ከኋላ ጀምሩ፣ ከኤሴዮቹ። የትኞቹን ሁለት እንደምትሠሩ እዚያው ወስኑ። ምርጫውን ለ4፡26 ማቆየት ሁለት ችግር አለው። በዚያ ሰዓት አእምሮ ደክሟል፤ የተመረጠውም ጥያቄ ገና ባዶ ነው። አሁን ከመረጣችሁ ግን ለእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ቃል በረቂቅ ወረቀት ላይ ጣል አድርጉ። ምንጮቹን ስትሠሩ አንድ ነገር ትዝ ይላችኋል፤ ያን ጊዜ ቃሉን እዚያው ትጨምራላችሁ። ፈተናው በእንግሊዝኛ ቢሆንም ይህ ረቂቅ በአማርኛ ቢሆን ችግር የለውም። በሚቀልላችሁ ቋንቋ አስቡ፤ ትርጉሙ ስትጽፉ ይመጣል።

ስትመርጡ አንድ ነገር ልብ በሉ። «የቱን የበለጠ አውቃለሁ?» ብቻ አትበሉ። «የቱ ላይ ክርክር ማቅረብ እችላለሁ?» ብላችሁም ጠይቁ። የኛ አካባቢ ልጆች ስለ አንኮበር፣ ስለ ሣህለ ሥላሴ፣ ስለ ሰገሌ ከአያቶቻቸው የሰሙት ብዙ ነው። እኔ በዚህ እኮራለሁ። ግን ፈተና ላይ ሰዓት የሚወስደው ይኸው የምንወደው ታሪክ ነው። የተጠየቀው ምክንያት ሆኖ ሳለ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንተርከዋለን።

3. ምንጭ፦ ሰዓቱ የሚፈስበት ክፍል

የተማሪዬ 95 ደቂቃ የሄደው እዚህ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ምንጩ ፊታችን ስለተቀመጠ ሁልጊዜ የሚጨመር ነገር ይታየናል። ኤሴይ ላይ እውቀት ሲያልቅ እጅ በራሱ ይቆማል። ምንጭ ላይ ግን ሰዓት ካላስቆመን የሚያስቆመን የለም።

የሷን ፈተና እንውሰድ። ሦስት ምንጭ ነበረው። «ሀ» የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 የአማርኛው ቅጂ፣ «ለ» የዚያው አንቀጽ የጣልያንኛው ቅጂ ትርጉም፣ «ሐ» ምኒልክ በ1883 ዓ.ም. ለአውሮፓ መንግሥታት ከላኩት የወሰን ደብዳቤ የተወሰደ ክፍል። ጥያቄዎቹ አራት ናቸው፤ 4፣ 6፣ 8 እና 12 ነጥብ።

ከ52ቱ ደቂቃ 12ቱን ለንባብ ያዙ። መጀመሪያ አራቱን ጥያቄዎች አንብቡ፣ ከዚያ ምንጮቹን። ጥያቄውን ሳያውቁ ምንጭ ያነበበ ሰው ደግሞ ማንበቡ አይቀርም። ስታነቡ ከምንጩ በላይ ወይም በታች ያለችውን ትንሽ መግለጫ ክበቡ፦ ማን ጻፈው፣ መቼ፣ ለማን። የ8 ነጥቡ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ምንጩ ምን ያህል እንደሚታመን ነው። የመልሱ ግማሽ ያለው እዚያች መግለጫ ውስጥ ነው።

የቀረውን 40 ደቂቃ እንዲህ አካፍሉት፦ ለ4 ነጥቡ 4 ደቂቃ፣ ለ6 ነጥቡ 8፣ ለ8 ነጥቡ 11፣ ለ12 ነጥቡ 17።

የ4 ነጥቡ ጥያቄ «በምንጭ ሀ መሠረት ንጉሠ ነገሥቱ ምን ይችላሉ?» የሚል ነበር። መልሱ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ የጣልያንን መንግሥት መጠቀም ይችላሉ፤ ቃሉ ፈቃድን እንጂ ግዴታን አያሳይም። በቃ። ተማሪዬ ግን ውሉ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በምኒልክና በአንቶኔሊ መካከል እንዴት እንደተፈረመ አንድ ገጽ ጻፈችበት። የጻፈችው ሁሉ ትክክል ነው። ግን አልተጠየቀም፤ «በምንጩ መሠረት» የሚል ጥያቄ ከምንጩ ውጪ ላለ እውቀት ነጥብ አይሰጥም።

የ6 ነጥቡ ማወዳደር ነው። እዚህ የሚፈሰው ሰዓት ምንጭ «ሀ»ን መልሶ በመገልበጥ፣ ከዚያ ምንጭ «ለ»ን መልሶ በመገልበጥ ነው። ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አገናኟቸው፦ «ሀ ለንጉሠ ነገሥቱ ምርጫ ሲተው፣ ለ ግን በጣልያን በኩል ለመነጋገር እንደተስማሙ አድርጎ ያስቀምጠዋል።» ከዚያ አንድ ተመሳሳይነት ጨምሩ፤ ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ውጭ ግንኙነት ነው። ከምንጩ የምትጠቅሱት ከአራት ከአምስት ቃል አይብለጥ።

የ12 ነጥቡ «ምንጮቹንና የራስህን እውቀት ተጠቅመህ የአንቀጽ 17 ውዝግብ ወደ ጦርነት ያመራበትን ምክንያት አስረዳ» ይላል። ውጪ ያለው እውቀታችሁ የሚያገለግለው እዚህ ነው። ሦስቱን ምንጮች እያንዳንዳቸውን ቢያንስ አንድ ጊዜ አንሱ። በዚያ ላይ ምኒልክ ውሉን በ1885 ዓ.ም. መሰረዛቸውንና ነገሩ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ መቋጨቱን ጨምሩ። የዓድዋን ውሎ ግን አትተርኩ። ጥያቄው ጦርነቱ ለምን መጣ ነው እንጂ እንዴት ተካሄደ አይደለም። እዚህ ላይ ብዕር ማቆም ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ።

4፡02 ሲሆን የያዛችሁትን ዓረፍተ ነገር ጨርሱና ተዉት። ከሥሩ አምስት ስድስት መስመር ባዶ ትታችሁ ቀጥሉ። ባዶ ቦታው መተማመኛ ነው። መጨረሻ ላይ ትርፍ ደቂቃ ከተገኘ ትመለሱበታላችሁ። «ትንሽ ብቻ ልጨምር» የምትለዋ አምስት ደቂቃ አንድ ነጥብ ብታመጣ ነው። ያቺው አምስት ደቂቃ ባዶ ኤሴይ ላይ ብትውል ሦስት አራት ነጥብ ታመጣለች። በእኔ እርማት የአንድ መልስ የመጀመሪያዎቹ ነጥቦች ሁልጊዜ ርካሽ ናቸው፤ የመጨረሻዎቹ ውድ ናቸው።

4. አጭር መልስ

ለአንድ ጥያቄ አምስት ደቂቃ የማይሞላ ጊዜ አላችሁ። 4 ነጥብ ከሆነ አራሚው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው ሁለት ሐሳብና ለያንዳንዱ አንድ ማስረጃ ነው። «ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1834 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር ስምምነት ያደረጉባቸውን ሁለት ምክንያቶች ግለጽ» ከተባለ፣ አንዱ ጠመንጃና የእጅ ባለሙያ ማግኘት፣ ሌላው ወደ ባሕር የሚወስደውን ንግድ ማስፋት ነው። እያንዳንዱን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨርሱ። መግቢያ አያስፈልግም። ስለ አንኮበር ቤተ መንግሥት አቀማመጥ የሚጻፍ ነገር እዚህ ምንም ነጥብ የለውም።

የማታውቁት ሲመጣ ቁጥሩን ጽፋችሁ ቦታ ትታችሁ እለፉ። አንድ ደቂቃ አስባችሁ ካልመጣ በአምስተኛውም አይመጣም።

5. ኤሴይ፦ 42 ደቂቃው እንዴት ያልቃል?

አምስት ደቂቃ እቅድ፣ ሠላሳ ሦስት ደቂቃ መጻፍ፣ አራት ደቂቃ መደምደሚያና መለስ ብሎ ማየት።

በ33 ደቂቃ ምን ያህል እንደምትጽፉ አስቀድማችሁ እወቁ። ቤት ውስጥ ለ10 ደቂቃ እያሰባችሁ ጻፉና መስመሩን ቁጠሩ። ብዙዎቹ ተማሪዎቼ ግማሽ ገጽ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ይጽፋሉ። ስለዚህ አንድ ኤሴይ ሁለት ገጽ አካባቢ ነው። ሁለት ገጽ ሦስት ጥሩ አንቀጽ ይይዛል፤ ስድስት ነጥብ የዘረዘረ እቅድ ከጅምሩ አይሆንም ማለት ነው።

የተማሪዬ ሁለተኛ ኤሴይ ይህ ነበር፦ «ንጉሥ ሚካኤል በሰገሌ የተሸነፉት በጦር ሜዳ በተፈጠረ ነገር ነው ወይስ ከዚያ በፊት በተፈጠረ የፖለቲካ ሁኔታ? ተወያይ።» በእቅዱ አምስት ደቂቃ ውስጥ የሚጻፈው ይህን ያህል ነው፦

አቋም፦ ፖለቲካው ይበልጣል፤ የጊዜ አጠቃቀምም አግዟል።
አንድ፦ መስከረም 17 ቀን 1909፣ ኢያሱ ወረዱ፣ ዘውዲቱ ነገሡ፣ ተፈሪ አልጋ ወራሽ። አቡነ ማቴዎስ መኳንንቱን ከመሐላ ፈቱ።
ሁለት፦ ኢያሱ ሐረር፣ አባታቸው ሚካኤል ወሎ። የሸዋ መኳንንት ግን አዲስ አበባ ላይ አንድ ሆኑ።
ሦስት፦ ቶራ መስክ ላይ ሚካኤል ራስ ልዑልሰገድን አሸነፉ፤ ወዲያው ወደ ፊት አልገፉም። ሸዋ ጦር አሰባሰበ። ጥቅምት 17፣ ሰገሌ።

ሦስተኛው ነጥብ ክርክሩን ያበስለዋል። ሚካኤል በአንድ ውጊያ ድል አድርገው ሳለ መሸነፋቸው «ጦር ሜዳው ብቻ ነው» የሚለውንም «ፖለቲካው ብቻ ነው» የሚለውንም ያጠይቃል። እያንዳንዱ አንቀጽ 11 ደቂቃ አለው። አንቀጹን በምክንያቱ ጀምሩት፣ ቀኑንና ስሙን እንደ ማስረጃ አስከትሉ፣ በመጨረሻ ጥያቄውን በቀጥታ የሚመልስ አንድ ዓረፍተ ነገር አስገቡ።

መንገድ እንደሳታችሁ የምታውቁት በዚህ ነው፦ 15 ደቂቃ ጽፋችሁ ገና ስለ መጀመሪያው ነጥብ የምታወሩ ከሆነ፣ ወይም ሦስት ዓረፍተ ነገር በተከታታይ «ከዚያ» ብሎ የሚጀምር ከሆነ፣ ትረካ ውስጥ ገብታችኋል። ያለውን ሳትሰርዙ አዲስ አንቀጽ ጀምሩ።

6. ሰዓት ሲያመልጥ

ያመልጣል። አጭር መልሱን የጨረሳችሁት 4፡26 ሳይሆን 4፡38 ላይ ነው እንበል። የቀረው 82 ደቂቃ ነው። የተለመደው ስሕተት የመጀመሪያውን ኤሴይ እንደታቀደው 42 ደቂቃ ጽፎ ጉድለቱን ሁሉ ሁለተኛው ላይ መጫን ነው። እንዲህ አታድርጉ። ከእያንዳንዱ ኤሴይ አራት አራት ደቂቃ፣ ከማያው ጊዜ ደግሞ አራት ቀንሱ። አሁን 38፣ 38 እና 6 ሆነ። አዲሶቹን ሰዓቶች፣ 5፡16 እና 5፡54፣ አሮጌዎቹን ሰርዛችሁ ጻፉ።

15 ደቂቃ ቀርቶ ሁለተኛው ኤሴይ ካልተነካ፣ ረጅም መግቢያ ተዉ። አቋማችሁን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ቀጥሎ ሦስት አጫጭር አንቀጽ፣ ለእያንዳንዱ አራት ደቂቃ፦ ምክንያት፣ ማስረጃ፣ ለጥያቄው ያለው ትርጉም። የምታውቁትን አንድ ነገር አሳምሮ ከመጻፍ ሦስቱንም በአጭሩ መንካት ይሻላል። አምስት ደቂቃ ብቻ ከቀረ እቅዳችሁን መልስ ወረቀቱ ላይ በአጭር ዓረፍተ ነገር አስፍሩ። ረቂቅ ወረቀት ላይ የቀረ ነገር አይታረምም።

አንዳንዶች ከኤሴይ እንጀምር ይላሉ። እኔ በአንድ ሁኔታ ብቻ እስማማለሁ፤ ምንጮቹ ፈጽሞ ስለማታውቁት ዘመን ሲሆኑ። ያን ጊዜ ቅደም ተከተሉ ይቀየራል እንጂ የደቂቃው ልክ አይቀየርም።

ተማሪዬ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመሳሳይ ፈተና በዚህ አሠራር ሞከረች። ምንጭ ላይ 23 አገኘች፣ ከበፊቱ በ4 ያነሰ። አጭር መልስ 15፣ ኤሴዮቹ 17 እና 16። ድምሩ 71። ምንጩን 4፡02 ላይ መተው እጅግ እንደከበዳት ነገረችኝ። በልምምድ ጊዜ ከሁሉ በላይ መሠራት ያለበትም ይኸው ማቆም ነው። ሙሉውን ሦስት ሰዓት ደጋግማችሁ መለማመድ ካልቻላችሁ የምንጩን 52 ደቂቃ ብቻ ሦስት አራት ጊዜ ተለማመዱት።

7. የመጨረሻው አሥር ደቂቃ

ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር ለማንበብ አይበቃም። በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ። መጀመሪያ የዘለላችኋቸውን አጭር መልሶች ሞክሩ፤ ርካሽ ነጥብ ያለው እዚያ ነው። ቀጥሎ ዓመተ ምሕረቶቹን ብቻ በዓይን ልቀሟቸው። ትምህርቱ በአብዛኛው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ፣ ቤት የሰማነው ደግሞ በኛ፣ ሁለቱ ይቀላቀላሉ። ውጫሌን 1881፣ ዓድዋን 1896 ብሎ የጻፈ ተማሪ በመካከላቸው 15 ዓመት አስገብቷል። በውሉና በጦርነቱ መካከል ያለው ግን ሰባት ዓመት እንኳ አይሞላም። አንዱን አቆጣጠር ምረጡና ከየዓመቱ አጠገብ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» መኖሩን እዩ። በመጨረሻ ከእያንዳንዱ ኤሴይ ራስ ላይ የጥያቄው ቁጥር መጻፉን፣ ተጨማሪ ወረቀት ከወሰዳችሁም ስማችሁና መለያ ቁጥራችሁ እሱም ላይ መኖሩን አረጋግጡ።